ቤት በጋራ ለሚገዙ እህትና ወንድም፦ የድርሻና የመውጫ ስምምነትን በየትኛው መንገድ መጻፍ ይሻላል?

ዱባይ የምትሠራ እህትና አዲስ አበባ የሚኖር ወንድሟ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከአንድ ሪል እስቴት በጋራ ለመግዛት ተስማሙ እንበል። ዋጋው 6,000,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,800,000 ብሩ ቅድመ ክፍያ ሲሆን፣ ቀሪው 4,200,000 ብር በየወሩ 100,000 ብር እየተባለ በ42 ወራት ይከፈላል። ከቅድመ ክፍያው እህት 1,200,000 ብር፣ ወንድም 600,000 ብር ያዋጣሉ፤ ከወርሃዊው ደግሞ እህት 40,000፣ ወንድም 60,000 ብር ይከፍላሉ። ቁጥሮቹን ለማሳያ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አካሄዱ ግን ውል በማርቀቅ ሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነው። ውጭ ያለው ሰው ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያመጣል፣ አገር ቤት ያለው ደግሞ በየወሩ ይሸከማል፣ ሳይቱንም ይከታተላል።

ሁለቱ ወደ እኔ ቢመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቤቱ የማን ስንት እጅ እንደሆነ ነው። እህት ቅድመ ክፍያውን እያሰበች «ሁለት ሦስተኛው የእኔ ነው» ልትል ትችላለች። ወንድም ወርሃዊውን እያሰበ ከግማሽ በላይ የእሱ እንደሆነ ያምናል። እናታቸው ብትጠየቅ «እኩል ነው እንጂ፤ በእህትና በወንድም መካከል ምን ሒሳብ አለ» ማለቷ አይቀርም። ሦስቱም መልሶች በቅን ልቦና የተሰጡ ናቸው፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ገንዘብ ያስገኛሉ።

ስምምነት ሳይጻፍ ቢቀር

ነገሩን በእምነት ለመተው የሚያስቡ ሰዎች ሕጉ በዝምታቸው ላይ ምን እንደሚያኖር ማወቅ ይገባቸዋል። የሽያጭ ውሉና በኋላም ካርታው በሁለቱ ስም ሆኖ ድርሻቸው ካልተገለጸ፣ የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ እኩል እንደሆነ ይገመታል። ውሉም ካርታውም በወንድም ስም ብቻ ከሆነ ግን የእህት አቋም እጅግ ይዳከማል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ማረጋገጫው በስሙ የተሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታልና፣ ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው። «እንግዲያው ቢያንስ ያበደርኩትን ይመልስልኝ» ብትልም መንገዱ ቀላል አይደለም፤ በዚያው ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በምስክር ሳይሆን በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። በየወሩ ያለ አንዳች ማብራሪያ የተላከ ገንዘብም ለቤተሰብ መደጎሚያ ነው ቢባል የሚያስተባብለው ሰነድ አይኖራትም።

ስለዚህ ማንኛውም የድርሻ ስሌት ከመመረጡ በፊት የሁለቱም ስም ከአልሚው ጋር በሚደረገው የሽያጭ ውል ላይ መስፈር አለበት። በአንድ ሰው ስም ገዝቶ በጎን የሚያዝ ምስጢራዊ ወረቀት ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ብቻ የሚሠራ ነው። ስሙ በውሉ ላይ ያለው ሰው ቤቱን ለሌላ ቢሸጥ ወይም በዕዳ ቢያዝበት ያ ወረቀት ብዙም አያድናትም።

ድርሻን የመወሰኛ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማን ምን ያህል ከፈለ ሳይባል እኩል መካፈል ነው። በጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ይጠይቃል፤ ሲሸጥም የሚያጨቃጭቅ ስሌት የለውም። በእኛ ምሳሌ ሁሉም በዕቅዱ መሠረት ቢፈጸም እህት በጠቅላላው 2,880,000 ብር፣ ወንድም 3,120,000 ብር ይከፍላሉ፤ ልዩነቱ 240,000 ብር ስለሆነ ወንድም ይህን ለእህቱ ትቶ እኩል እንሁን ቢል የሚያስገርም አይሆንም። ችግሩ የሚታየው ክፍያው መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ያወጣችው እህት ናት፤ ሁለቱ በሦስተኛው ወር ቢለያዩ እህት 1,320,000፣ ወንድም 780,000 ብር ከፍለው ሳለ እኩል ተካፈሉ ማለት ከእሷ ወስዶ ለእሱ መስጠት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በቅድመ ክፍያው መጠን መካፈል ነው። በዚህ ስሌት እህት ሁለት ሦስተኛ፣ ወንድም አንድ ሦስተኛ ይኖራቸዋል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ቅድመ ክፍያ ትልቁና የሚታየው ገንዘብ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በእኛ ምሳሌ ከዋጋው 70 በመቶ የሚሆነው በወርሃዊ ክፍያ የሚሸፈን ነው። ወርሃዊውም በዚያው ምጣኔ፣ ማለትም እህት ወደ 66,700፣ ወንድም ወደ 33,300 ብር እየከፈሉ ካልሄዱ በስተቀር፣ ይህ መንገድ በየወሩ የሚሸከመውን ሰው ይበድላል። እኔ የምመክረው ቅድመ ክፍያውና ወርሃዊው በተመሳሳይ ምጣኔ ለሚከፈልበት ግዢ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጠቅላላ መዋጮን መሠረት ያደረገ ነው፤ ይህም በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ ልዩነታቸውንም ልብ ማለት ያሻል። አንደኛው ዓይነት ድርሻው በየወሩ እስካሁን በተከፈለው ልክ እየተንቀሳቀሰ እንዲሄድ ያደርጋል። የቅድመ ክፍያው ዕለት እህት 67 በመቶ ገደማ ይኖራታል፤ ድርሻዋ በየወሩ እየቀነሰ በመጨረሻ 48 በመቶ ላይ ያርፋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚደረስበትን ድርሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ እህት 48፣ ወንድም 52 በመቶ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ለዚያ ድርሻ የሚከፍሉት ጠቅላላ ገንዘብ እንደየራሳቸው ዕዳ ይመዘገባል።

እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ወደ መጨረሻው ነው። የሚንቀሳቀሰው ድርሻ ትክክለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን በየወሩ ማስላትን ይጠይቃል፣ እህትም ምንም ሳታጠፋ ድርሻዋ ሲቀንስ ማየቷ ቅሬታ ማሳደሩ አይቀርም። በተቆረጠው ድርሻ ግን አንድ ሰው ያልከፈለው ነገር ካለ ከራሱ ዕዳ ላይ ይታያል እንጂ የሌላውን ድርሻ አይነካም። አንቀጹ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦

«የቤቱ ድርሻ የአንደኛ ተዋዋይ 48 በመቶ፣ የሁለተኛ ተዋዋይ 52 በመቶ ነው። አንደኛ ተዋዋይ ለድርሻዋ በጠቅላላው ብር 2,880,000፣ ሁለተኛ ተዋዋይ ለድርሻው በጠቅላላው ብር 3,120,000 ይከፍላሉ። አከፋፈሉ ከዚህ ስምምነት ጋር በተያያዘው ሰንጠረዥ መሠረት ይሆናል።»

አልሚው በውሉ ላይ የዋጋ ጭማሪ የሚያደርግበት አንቀጽ ካለ፣ ጭማሪውን በዚሁ 48 እና 52 በመቶ እንደሚሸከሙት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሲዘነጋ ብዙ አይቻለሁ።

ገንዘቡ በምን ይቆጠር

እህት የምታገኘው በድርሃም ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አልፏል፤ ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። ከለውጡ በፊት ቅድመ ክፍያ የላከ ሰው «ያ ገንዘብ ዛሬ ቢሆን እጥፍ ያህል ብር ይሆን ነበር» ማለቱ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ስምምነቱ ዝም ካለ ክርክሩ መያዣ አይኖረውም።

አማራጩ መዋጮን በብር ወይም በውጭ ምንዛሪ መመዝገብ ነው። በውጭ ምንዛሪ ከተመዘገበ እህት ከምንዛሪው መለዋወጥ ትጠበቃለች፤ ወንድም ግን ደመወዙ በብር ስለሆነ የሚከፍለው እያንዳንዱ ወር ከቀዳሚው ያነሰ ሆኖ ይቆጠርበታል፣ ድርሻውንም መቼም አይሞላም። የአልሚው ዕዳ በብር ከሆነ መዋጮውም በብር፣ አልሚው ደረሰኝ በቆረጠበት መጠን ቢቆጠር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሩ ሲወርድ እህት የአርባ ሺህ ብር ወርሃዊ ግዴታዋን ባነሰ ድርሃም ስለምትወጣው፣ በቅድመ ክፍያው ያጣች የመሰላትን በከፊል በዚያ ታገኘዋለች። አልሚው ዋጋውን ከዶላር ጋር አስሮ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ያን ጊዜ መዝገቡም በዶላር መሆን ይኖርበታል።

አንዱ መክፈል ሲያቅተው

እህት ሥራ ለቅቃ አምስት ወር አልላከችም እንበል። አልሚው የሚያውቀው ሙሉውን 100,000 ብር ነው፤ ካልተከፈለው ቅጣት ያስባል፣ ብዙ ውሎችም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጡታል። ስለዚህ ወንድም የእሷን 40,000 ጨምሮ እየከፈለ 200,000 ብር ሸፈነላት። ይህ ገንዘብ ምን ተብሎ ይቆጠር?

እንደ ብድር ከተቆጠረ የእህት 48 በመቶ ሳይነካ ይቆያል፤ የ200,000 ብር ዕዳ ይኖርባታል፣ ወለዱም በስምምነቱ ላይ ይወሰናል። ሕጉ ሌላ ስምምነት በሌለበት የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እኔም ይህንኑ እጽፋለሁ። ድርሻን እንደመግዛት ከተቆጠረ ደግሞ 200,000 ብር ከ6,000,000 ብር 3.33 በመቶ ስለሚሆን የእህት ድርሻ ወደ 44.67 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሳይታይ የሚያልፍ ነገር አለ። የቤቱ የገበያ ዋጋ በዚያን ጊዜ 7,800,000 ብር ደርሶ ከሆነ፣ ያ 3.33 በመቶ 260,000 ብር ያወጣል፤ ወንድም በ200,000 ብር 260,000 የሚያወጣ ድርሻ ገዛ ማለት ነው። ቤት ዋጋው በሚጨምርበት ከተማ ይህ አንቀጽ የቸገረውን ሰው ይቀጣል። ብድሩ ብቻ ሲጻፍ ደግሞ ከፋዩ ያለ ገደብ አበዳሪ ሆኖ እንዲቀር ይገደዳል።

ሁለቱን በጊዜ መለየት ይቻላል። እስከ ስድስት ወር የተሸፈነው ክፍያ ብድር ይሁን፤ ከስድስት ወር በኋላ ካልተመለሰ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ወደ ድርሻ ይቀየር፣ ነገር ግን በቀድሞው ዋጋ ሳይሆን በዚያን ጊዜው የገበያ ዋጋ ይታሰብ። የስድስት ወሩ ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፤ ኮንትራት አልቆ ሌላ ሥራ እስኪገኝ የሚበቃ ጊዜ መሆኑን ግን ከደንበኞቼ ተምሬአለሁ።

መውጫው

ከስምምነቱ ሁሉ ብዙ ቀለም ሊፈስበት የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ በተግባር ግን «መለያየት ቢፈጠር በስምምነት ይፈታሉ» ተብሎ ያልፋል። ሕጉ የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁሉንም ባለሀብቶች ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሌላ በኩል ከባለሀብቶቹ አንዱ ክፍፍል የመጠየቅ መብት አለው፣ አፓርትመንት ደግሞ ለሁለት ስለማይቆረጥ ጉዳዩ ወደ ሐራጅ ያመራል። ሁለቱም ሐራጅን የማይፈልጉ ከሆነ የራሳቸውን መውጫ መጻፍ አለባቸው።

በሃያኛው ወር እህት ለመውጣት ወሰነች እንበል። እስካሁን እሷ 2,000,000፣ ወንድም 1,800,000፣ በድምሩ 3,800,000 ብር ከፍለዋል፤ 2,200,000 ብር ይቀራል። የገበያ ዋጋው 7,800,000 ብር ነው፤ ቀሪው ዕዳ ሲነሣ 5,600,000 ብር የተጣራ ዋጋ አለ።

ስምምነቱ «የሚወጣው ሰው የከፈለውን ይወስዳል» ካለ እህት 2,000,000 ብር ይዛ ትወጣለች፤ የዋጋ ጭማሪው በሙሉ ለወንድም ይቀራል። ስምምነቱ እኩል ካለ 2,800,000 ታገኛለች። እስካሁን በከፈሉት ምጣኔ ከሆነ ድርሻዋ 52.6 በመቶ ስለሆነ 2,947,000 ብር ገደማ ይደርሳታል። በተቆረጠው 48 በመቶ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የ7,800,000 ብር 48 በመቶ 3,744,000 ብር ሲሆን፣ እስካሁን ያልከፈለችው የራሷ ዕዳ 880,000 ብር ተቀንሶ 2,864,000 ብር ይሆናል። ወንድምም በዚሁ መንገድ 2,736,000 ብር ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ተደምረው በትክክል 5,600,000 ብር ይሆናሉ። በቅድመ ክፍያው ምጣኔ ቢሆን ኖሮ እህት 3,733,000 ብር ገደማ ትወስድ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ በትንሹና በትልቁ መካከል ከ1,700,000 ብር በላይ ልዩነት አለ።

የከፈለውን ብቻ ይወስዳል የሚለው አንቀጽ በመጀመሪያ ሲታይ ጥበቃ ይመስላል፤ ዋጋ ሲወርድም በእርግጥ የሚወጣውን ሰው ይጠብቃል። ገበያው ወደ 5,400,000 ብር ቢወርድ እህት በ48 በመቶው ስሌት የሚደርሳት 1,712,000 ብር ነው፤ ኪሳራውን ትካፈላለች ማለት ነው። ብሩ ራሱ በሚረክስበት አገር ግን ከዓመታት በፊት የተከፈለ 2,000,000 ብርን በቁጥሩ ብቻ መመለስ መመለስ አይባልም።

የገበያ ዋጋውን ማን ይወስነው የሚለውም ምርጫ ነው። የባንክ ግመታ ለብድር መያዣ የሚሠራ በመሆኑ ከገበያው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በቤቱ የሚቀረው ሰው ይወደዋል፣ የሚወጣው አይወደውም። አንዳንዶች ደግሞ አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በዚያ ዋጋ መግዛትን ወይም መሸጥን ይምረጥ የሚል አንቀጽ ያስገባሉ፤ ዳቦውን አንዱ ቆርሶ ሌላው እንደሚያነሣው ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ገንዘብ ካላቸው ግሩም ዘዴ ነው። ሥራ ያጣችው እህት ግን መግዛት እንደማትችል ወንድሟ ስለሚያውቅ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢጠራም መሸጥ ትገደዳለች። አቅማቸው ለማይመጣጠን ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ገማች መርጠው አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወንድም 2,864,000 ብር ከየት ያመጣል የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ሙሉውን 100,000 ብር በየወሩ የሚከፍለውም እሱ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ የጊዜ ደረጃዎች ያስፈልጉታል። የሚወጣው ሰው በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሚቀረው በ30 ቀን ውስጥ እገዛለሁ ወይም አልገዛም ይላል፤ ከገዛ ሲሶውን በ90 ቀን፣ ቀሪውን ከወለድ ጋር በአንድ ዓመት ይከፍላል፤ ካልገዛ ወይም ካልከፈለ ቤቱ ለሦስተኛ ወገን ይሸጣል፣ የሚቀረውም ሰው ለሽያጩ የመፈረም ግዴታ ይኖርበታል። ክፍያው ያላለቀ አፓርትመንት ሲተላለፍ የአልሚው የጽሑፍ ፈቃድና የማዛወሪያ ክፍያ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ይህንንና በሽያጭ ጊዜ የሚመጡትን ግብርና ቀረጥ ማን እንደሚሸፍን አብሮ መጻፍ ይገባል።

የትዳር ጓደኛና ፊርማ

ወንድም ክፍያው ሳያልቅ ቢያገባ፣ ከጋብቻ በኋላ ከደመወዙ የሚከፍለው ገንዘብ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት ነው፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያገባ ተዋዋይ ካለ የትዳር ጓደኛው በስምምነቱ ላይ አብሮ እንዲፈርም፣ ወደፊት የሚያገባም ከሠርጉ በፊት ሰነዱን እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል። የድርሻው ውርስ ለማን እንደሚሄድ ስምምነቱ አይወስንም፤ ነገር ግን ወራሾች በዚሁ የመውጫ አንቀጽ እንደሚታሰሩ ሊገልጽ ይችላል።

በቤት የተጻፈና ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ከተፈረመ ሰነድ ጋር እኩል አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። እህት አዲስ አበባ መምጣት ካልቻለች ውክልና በቆንስላው በኩል ሰጥታ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እዚህ ሊቀርብላት ይችላል። ውክልናውን ግን ለወንድሟ መስጠት የለባትም፤ ተወካይ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ውል ሊፈርስ የሚችል ስለሆነ፣ ወንድም በሁለቱም ወገን የፈረመበት ስምምነት መሠረቱ የላላ ነው። አጎት ወይም የታመነ ጓደኛ ይፈርምላት፤ ውክልናውም ስምምነቱን የመፈረም ሥልጣን በግልጽ ይጥቀስ እንጂ ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን አይጨምር።

ከተፈረመ በኋላ የሚቀረው የመዝገቡ ሥራ ነው። እህት ገንዘቡን ወደ ወንድሟ ሒሳብ የምትልክ ከሆነ በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ «የአፓርትመንት ክፍያ፣ የመስከረም ወር፣ የእኔ ድርሻ» ብላ ትጻፍ። ወንድም አልሚው የቆረጠውን ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ አንሥቶ ይላክላት፤ በሰንጠረዡም ላይ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የእሷ፣ የእሱ፣ ቀሪ ዕዳ የሚሉ አምስት ዓምዶችን ይሙላ። በየስድስት ወሩ ሁለቱም አይተው «ትክክል ነው» የሚል መልእክት ይለዋወጡ፤ ክፍያው አልቆ ቤቱን ሲረከቡም ካርታው የሁለቱንም ስም ይዞ መውጣቱን እህት ራሷ ወይም ወኪሏ ከመዝገቡ ትይ።